ንጉሡ ይቅደም፣ ወታደሩ ይቆይ

ቦርዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስቀምጡ። የነጭ ንጉሥ e1 ላይ፣ የነጭ ወታደር e2 ላይ፣ የጥቁር ንጉሥ e8 ላይ። ተራው የነጭ ነው። ነጭ ያሸንፋል ወይስ አቻ ነው?

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ ቼዝ ከምንጫወትበት ሻይ ቤት ነው። እዚያ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። ጨዋታው ሲጋመስ አንድ ወታደር ቢጎድልባቸውም አይደነግጡም። የቀረውን ሁሉ እየተለዋወጡ ቦርዱን ያጸዱታል። ከዚያ ንጉሣቸውን ወታደሬ ፊት ይገትሩና «በል እንግዲህ፣ ንዳው» ይሉኛል። እነዳለሁ፣ አቻ ይወጣል። የሻዩን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ሳይለይ ይመሻል።

አንድ ወታደር ትርፍ ይዞ አንዳንዴ ማሸነፍ አንዳንዴ አለማሸነፍ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ቦርዱን ይዤ ቤት ገባሁ። ክረምት ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ክረምት የሚያውቅ ሰው ማታ ከቤት አለመውጣቴን አይፈርድብኝም። የልምምድ ጓደኛዬ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ ሆነ። እናቱ ከምትለቅመው ባቄላ ሦስት ፍሬ አነሳሁና d4፣ e4 እና f4 ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድነው ጋሼ?» አለኝ።

«ነጩ ንጉሥ ከነዚህ አንዱን ባቄላ ከበላ ጨዋታው አልቋል። ያንተ ሥራ እንዳይበላ መከልከል ነው።»

ቁልፍ ቤቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ወታደሩ e2 ላይ ሲሆን አንድ ረድፍ ዘለን ከፊቱ ያሉት ሦስት ቤቶች ቁልፍ ይሆናሉ። አንዱ በራሱ ዓምድ ላይ ነው፤ ሁለቱ ግራና ቀኙ ናቸው። ንጉሡ ከነሱ አንዱ ላይ ከቆመና ወታደሩ ካልተበላ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን ነጭ በትክክል ከተጫወተ ያሸንፋል። ወታደሩ ወደ e3 ከገፋ ባቄላዎቹም አብረውት ወደ d5፣ e5 እና f5 ይሄዳሉ። e4 ከደረሰ ደግሞ d6፣ e6 እና f6 ይሆናሉ።

የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወታደሩ በገፋ ቁጥር ንጉሡ መድረስ ያለበት ቦታ ይርቃል። ሰው ትርፍ ወታደር ሲይዝ እጁ ቶሎ ወደ ወታደሩ ይሄዳል፣ ንግሥት ለማድረግ ይቸኩላል። ባቄላዎቹን ከወታደሩ ጋር እያንቀሳቀስን ስንጫወት ግን ችኮላው ምን እንደሚያስከፍል በዓይናችን አየነው።

መጀመሪያ የችኮላውን መንገድ እንይ። ነጭ e4 ብሎ ወታደሩን ሁለት ቤት አስፈነጠረው። ባቄላዎቹ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሆኑ፤ ንጉሡ ገና e1 ላይ ነው። ጥቁር ወደ e7 ወጣ። ነጭ ንጉሡን ወደ d2 ወሰደ፣ ጥቁር ወደ e6። ነጭ e3፣ ጥቁር e5። አሁን ሁለቱ ንጉሦች በአንድ ዓምድ ላይ ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው የወታደሩ ቤት ብቻ ነው። ተራው የነጭ ስለሆነ ከመንገዱ መልቀቅ ያለበት እሱ ነው። ይህ መፋጠጥ ኦፖዚሽን ይባላል። ንጉሥ ንጉሥን መጠጋት ስለማይችል፣ የሚንቀሳቀሰው ተሸናፊ፣ የሚጠብቀው አሸናፊ ነው። በሌላ ጨዋታ ተራ ማግኘት ጥቅም ነው። እዚህ ግን ዕዳ ነው።

ነጭ መሞከሩን አይተውም። ወደ d3 ይሄዳል፤ ጥቁር ወደ e6 ይመለሳል። ነጭ d4፣ ጥቁር d6 ብሎ እንደገና ይፋጠጠዋል። ነጭ ወታደሩን ወደ e5 ገፍቶ ቼክ ይላል፤ ጥቁር ወደ e6 ይሄዳል። ነጭ ወታደሩን ለመጠበቅ ወደ e4፣ ጥቁር ወደ e7። ነጭ d5፣ ጥቁር d7። ወታደሩ ወደ e6 ገፍቶ ቼክ ሲል ጥቁር ወደ e7 ይመጣል፤ ነጭም ንጉሡን ወደ e5 ያስጠጋል።

ጋሼ እኔን የሚያስሩኝ እዚህ ቦታ ላይ ነው። ጥቁር ሦስት የማፈግፈጊያ ቤቶች አሉት፦ d8፣ e8 እና f8። የሚያድነው አንዱ ብቻ ነው፤ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወታደሩ ባለበት ዓምድ ላይ፣ e8። ነጭ ወደ d6 ቢመጣ ጥቁር d8 ብሎ ይፋጠጠዋል። ወታደሩ e7 ገብቶ ቼክ ይላል፣ ጥቁር ወደ e8 ይመለሳል። አሁን ነጭ ወታደሩን ለማዳን ያለው ብቸኛ መንገድ ንጉሡን e6 ላይ ማቆም ነው። ያኔ ጥቁር ቼክ ላይ አይደለም፤ የሚሄድበትም የለውም። ስቴልሜት፣ አቻ።

ጥቁር e8 በማለት ፋንታ ወደ d8 ቢያፈገፍግስ? ነጭ ወዲያው d6 ብሎ ራሱ ይፋጠጠዋል። ጥቁር ወደ e8 ሲሄድ ወታደሩ e7 ይገባል፣ አሁን ግን ያለ ቼክ። ጥቁር ወደ f7 ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ነጭ d7 ይልና ንግሥቷ ትመጣለች። የእህቴ ልጅ ልዩነቱን በራሱ አባባል ያዘው፦ «ሰባተኛ ላይ ቼክ እያለ ከገባ አቻ፣ ዝም ብሎ ከገባ አለቀ።» ንጉሡ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከወታደሩ ጎን ሆኖ ሲገፋ ይህ በትክክል ይሠራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አቀማመጥ እንመለስ። ነጭ ወታደሩን አይነካም። ንጉሡን ወደ d2 ያወጣል። ጥቁር e7 ይላል፣ ነጭ e3። ባቄላዎቹ አሁንም አራተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ሦስቱም ከንጉሡ አንድ እርምጃ ላይ። ሦስቱን በአንዴ ለመከልከል ጥቁር e5 ላይ መቆም ነበረበት፤ ከe7 ግን በአንድ እርምጃ e5 አይደረስም። ወደ e6 ቢመጣ ነጭ e4 ይላል። ወደ d6 ቢመጣ d4፣ ወደ f6 ቢመጣ f4። አንዱ ባቄላ ተበላ።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጭ e3፣ ጥቁር e7 ላይ ሲሆኑ በመሃላቸው ሦስት ቤቶች አሉ። ይህም ከሩቅ የሆነ መፋጠጥ ነው። በአንድ ዓምድ ላይ ሆነው በመሃላቸው ያሉት ቤቶች ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ፣ ማለትም አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት ከሆኑ፣ ኦፖዚሽኑ ተራው ያልሆነው ሰው ነው። ከሩቅ የያዘ ሰው ሲጠጋም ይይዛል። እኛ ቤት ለማስላት ስንሰንፍ በጣት እየነካን እንቆጥራለን፤ ምንም አያሳፍርም።

ባቄላ ከተበላ በኋላስ እንዴት ይጨረሳል? ነጭ e4፣ ጥቁር e6 ላይ ናቸው፣ ተራው የጥቁር። ወደ d6 ይለቅቃል እንበል። ነጭ በተለቀቀው በኩል ይዞራል፣ f5። ጥቁር e7፣ ነጭ e5 ብሎ ይፋጠጣል። ጥቁር d7፣ ነጭ f6። ጥቁር ወደ e8 ሲያፈገፍግ ነጭ አሁን ወታደሩን ያስነሳል፣ ወደ e4። ጥቁር f8፣ ወታደሩ e5። ጥቁር e8፣ ነጭ ንጉሡን ወደ e6 ያስገባል። ተራው የጥቁር ነው። ወደ d8 ቢሄድ ነጭ f7፣ ወደ f8 ቢሄድ ነጭ d7። ወታደሩ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም።

ከዚህ መስመር እኔ የያዝኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ዓላማው ባቄላው ነው፤ መፋጠጥ ደግሞ ወደ ባቄላው የሚያስገባ መግፊያ ብቻ ነው። ኦፖዚሽን ይዤ ቁልፍ ቤቱ ክፍት እያለ መፋጠጡን ብቻ ብጠብቅ ምንም አላገኘሁም። ወታደሩ ከኋላ መቅረቱም ሌላ ጥቅም አለው። ነጭ ንጉሥ e4፣ ወታደር e2፣ ጥቁር e6 ላይ ሆነው ተራው የነጭ ቢሆን፣ ወታደሩን አንድ ቤት ብቻ ወደ e3 መግፋት ተራውን ለጥቁር ያስረክበዋል። መጀመሪያ ላይ የተፈናጠረ ወታደር ግን ይህን ትርፍ እርምጃ አብሮ በልቶታል።

ወታደሩ አምስተኛው ረድፍ ሲደርስ ነገሩ ይቀላል። e5 ላይ ከሆነ d6፣ e6 እና f6 ብቻ ሳይሆኑ d7፣ e7 እና f7ም ቁልፍ ናቸው። ለዚህ ነው ነጭ e6፣ ጥቁር e8 ሆነው ተራው የነጭ ቢሆን እንኳ የሚያሸንፈው። ንጉሡን ወደ d6፣ ጥቁር d8፣ ወታደሩ e6፣ ጥቁር e8፣ ወታደሩ e7 ያለ ቼክ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ባቄላው የማይሠራበት ቦታ ዳር ነው። ወታደሩ a ወይም h ዓምድ ላይ ከሆነ ከላይ ያለውን ሁሉ እርሱት። ለa ወታደር ቁልፎቹ b7 እና b8 ብቻ ናቸው። ተከላካዩ ንጉሥ a8 ጥግ ከገባ ማንም አያስወጣውም፤ ወይ ቦታ ይቀያይራል ወይ ስቴልሜት ይሆናል። እንዲያውም ነጭ ንጉሡ a7፣ ወታደሩ a6 ላይ ሆኖ ጥቁር c7 እና c8 ላይ ቢመላለስበት፣ ነጩ ራሱ በገዛ ወታደሩ ፊት ታስሮ ይቀራል።

የመጨረሻውን ፈረስ ወይም ግንብ ከመለዋወጣችሁ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፦ የሚተርፈው ወታደር የትኛው ዓምድ ላይ ነው? የእኔ ንጉሥ ወደ ቁልፍ ቤቱ በስንት እርምጃ ይደርሳል? የሱስ? ሌሎች ወታደሮች ቦርዱ ላይ ካሉ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል፤ አንድ ትርፍ የወታደር እርምጃ ያለው ሰው መፋጠጡን በፈለገበት ሰዓት ይገለብጠዋል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ በሚቀጥለው ጨዋታ የh ወታደሬን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ በሉት።