ስካን የተደረገ የኩላሊት ምርመራ ውጤት አነባበብ፦ ክሬቲኒንና ዩሪያ

በዚህ ዙር የያዝነው የኩላሊት ምርመራን ነው። አንድ ጎልማሳ ወንድ ሁለት ውጤት አለው እንበል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ከወራት በኋላ ስዊድን የተሠራ። በመጀመሪያው ክሬቲኒን 1.1 mg/dL ነው፤ የማመሳከሪያው ክልል 0.7–1.3፣ ምልክት የለውም። በሁለተኛው 124 µmol/L፣ ክልሉ 62–106፣ አጠገቡም ከክልሉ በላይ መሆኑን የሚያሳይ H ተጽፏል።

ከሒሳቡ በፊት መስመሩን ማረጋገጥ ይቀድማል። ስካኑ ትንሽ ካዘነበለ፣ ወይም የምርመራው ስም ረዝሞ ወደ ታች ከወረደ፣ ዓይን ሳያውቀው ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይሻገራል። ምስሉን አቅንቶ ከረድፉ ሥር ማስመሪያ ማድረግ ይረዳል። ከዚያ ቁጥሩ፣ ክልሉና ምልክቱ እርስ በርስ መስማማታቸው ይታያል። 11 ተብሎ ከተነበበና ክልሉ 0.7–1.3 ሆኖ ሳለ H ከሌለው፣ ነጥቧ ስካኑ ላይ ጠፍታ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ላብራቶሪው ምልክት የሚያትም ከሆነ ነው፤ ስለዚህ በገጹ ላይ ሌላ H ወይም ከክልሉ በታች መሆንን የሚያሳይ L መኖሩን እዩ። ደብዛዛ ስካን ላይ µ ፊደሏ m ልትመስልም ትችላለች። 124 mmol/L ቢሆን ኖሮ ሺህ እጥፍ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለ ክሬቲኒን በሰው ደም ውስጥ አይኖርም።

አሁን ወደ አንድ መለኪያ እናምጣቸው። ለክሬቲኒን µmol/L ለ88.4 ሲካፈል mg/dL ይሰጣል፦

```
124 ÷ 88.4 = 1.40
```

ስለዚህ ለውጡ ከ1.1 ወደ 1.4 ነው እንጂ ከ1 ወደ 124 አይደለም። ጭማሪው ግን እውነተኛ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መታየት አለበት። ሁለቱ ላብራቶሪዎች የተለያየ የመለኪያ ዘዴ ከተጠቀሙ የተወሰነው ልዩነት ከዚያ ሊመጣ ስለሚችል፣ በአንድ ቦታ ደግሞ ማሠራት ነገሩን ያጠራዋል። 88.4 የክሬቲኒን ብቻ ነው፤ ለስኳር ደግሞ mg/dL ለ18 ሲካፈል mmol/L ይሰጣል።

የH አለመኖርም ብቻውን አያሳርፍም። በሁለት ቀን ውስጥ ከ0.7 ወደ 1.1 የወጣ ክሬቲኒን ሁለቱም ጊዜ ክልሉ ውስጥ ነው፤ ሆኖም በ48 ሰዓት የ0.3 mg/dL ወይም ከዚያ በላይ ጭማሪ የድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መለያ ነው። ምልክቱ የዛሬውን ቁጥር ከክልሉ ጋር ያነጻጽራል እንጂ ከትናንቱ ጋር አያስተያይም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ዩሪያ ነው፣ ምክንያቱም መለኪያው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚለካው ይለያያል። አንዱ ወረቀት Urea 34 mg/dL፣ የአሜሪካው ደግሞ BUN 16 mg/dL ቢል፣ በግማሽ የወረደ ይመስላል። BUN የሚቆጥረው በዩሪያ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ በ2.14 ሲባዛ ዩሪያውን ይሰጣል፣ 16 × 2.14 ደግሞ 34 ገደማ ነው። እዚህ ላይ ከመለኪያው ዓምድ ይልቅ መነበብ ያለበት የምርመራው ስም ነው።