«ቆሻሻው» የመሰከረለት ኤመራልድ

ቀለበቱን ይዘው የመጡት እናት ያሉት አጭር ነበር። «ውስጡ ቆሻሻ ገብቶበታል፣ አጥባችሁ ስጡኝ።» ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው የሻኪሶ ኤመራልድ ነው፤ በአራት የወርቅ ጥፍሮች የተያዘ፣ ከአንዱ ጥፍር አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያለበት። ድሬዳዋ፣ መጋላ ባለው ወርቅ ቤታችን በዚያ ሰዓት የነበረው ልጅ ደረሰኙ ላይ «1 ቀለበት፣ እጥበት» ብሎ ጻፈና ከወርቅ ሰንሰለቶቹ ጋር አልትራሶኒክ ማጠቢያው ውስጥ ከተተው። 60 ዲግሪ የሞቀ የሳሙና ውሃ፣ 10 ደቂቃ።

ሲወጣ አረንጓዴው ገርጥቷል። ከአንዱ ጥግ እስከ መሐሉ ድረስ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ መስመር ታየ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ እናት። «ድንጋዬን ቀይራችሁታል።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበደን።

«እትዬ፣ ያ ቆሻሻ ያሉት ነገር የቱ ጋ ነበር?»

«እዚህ ጋ፣ ከጥፍሩ ሥር።»

አሥር እጥፍ የሚያጎላውን ሉፕ ሰጠናቸው። ብዙ ቆይተው አዩ። «አለ… አልለቀቀም እኮ!»

አይለቅም። የሻኪሶ ኤመራልድ የሚገኘው ማይካ በበዛበት ጥቁር አለት ውስጥ ነው፤ ድንጋዩ ሲያድግ የማይካ ቅንጣት ውስጡ ይቀራል። ቅንጣቱ ያለበት ቦታና ቅርጹ በየድንጋዩ ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። ያጠፉልኛል ብለው ያመጡት ነጥብ ድንጋዩ የራሳቸው መሆኑን መሰከረ።

ታዲያ ለምን መልኩ ተለወጠ? አብዛኛው ኤመራልድ እስከ ገጹ የሚደርሱ ቀጫጭን ስንጥቆች ስላሉት ከመሸጡ በፊት ቀለም የሌለው ዘይት ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜ የአርዘ ሊባኖስ ዘይት። ኤመራልድ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን 1.58 ገደማ ነው፣ የዘይቱ 1.51 ገደማ፣ የአየር ግን 1። ስንጥቁ ዘይት ሲይዝ ብርሃን ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ዓይንም ስንጥቁን አያየውም። ዘይቱ ወጥቶ አየር ሲገባ ግን ብርሃኑ እንደ መስታወት ተመልሶ ይነጥርና ስንጥቁ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከእጥበቱ በኋላ የታየው ነጭ መስመር አብዛኛው ድሮም እዚያው ነበር።

አልትራሶኒክ ማጠቢያው ሦስት ነገር አንድ ላይ ያደርጋል። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሳሙናው ይጠርገዋል፣ በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታው ንዝረት ደግሞ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ያናውጠዋል። ወርቅና አልማዝ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይችላሉ። ኤመራልድ ግን ጥንካሬው ጭረትን ለመከላከል እንጂ ለመናወጥ አይደለም። ውስጡ ጥቃቅን ፈሳሽ ያለባቸው ክፍተቶችም ስላሉ ሲሞቅ ፈሳሹ ይለጠጥና ግድግዳውን ይገፋል። በእንፋሎት ማጠብም በዚሁ ምክንያት አይሆንም። ጥፍር ለመበየድ ሲባል እሳት ማስጠጋት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

የዚህ ቀለበት አንዱ ስንጥቅ እስከ ጥፍሩ ሥር ይደርሳል። ጥፍሩ ቢነሣ ጠርዙ ይሰበር ነበር፤ ስለዚህ ከነወርቁ አከምነው። መጀመሪያ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ነገር በአሴቶን ታጠበ፤ ውስጡ ሌላ ነገር ካለ ዘይት አይገባም። በደንብ ከደረቀ በኋላ ለብ ባለ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ሁለት ቀን ተነከረ። ትልልቅ ቤቶች በቫኪዩም ፓምፕ አየሩን መጥጠው ዘይቱን ያስገቡታል፤ ፓምፕ ከሌለ የሚረዳው ትዕግሥት ብቻ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት ዘይት መጠቀም ግን ማታለል ነው፣ በፍጹም አይደረግም።

ከሁለት ቀን በኋላ አረንጓዴው ተመለሰ። ከጥፍሩ ሥር ያለችው አጭር ነጭ መስመር ግን በከፊል ብቻ ነው የጠፋችው። ንዝረቱ ስንጥቁን ራሱን አስረዝሞት ይሁን፣ ወይስ ዘይቱ እዚያ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ስለሌለ ማወቅ አልተቻለም። መታየት የነበረበት ቀለበቱ በመጣ ደቂቃ ነው፦ ድንጋዩን ከመብራት ሥር ቀስ እያሉ ማዘንበል፣ በገጹ ላይ የሚያብረቀርቀውን ብርሃን የሚቆርጥ መስመር በሉፕ መፈለግ። መስመር ካለ ስንጥቁ ገጽ ላይ ደርሷል፣ ዘይትም ሊኖረው ይችላል። ይህ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል፤ የነጥቡ ቦታም አብሮ ይሣላል።

ለእናትየው ስለቀረችው መስመር በግልጽ ተነገራቸው፣ ሒሳብም አልተጠየቁም። ቤት ውስጥ ሲያጥቡት ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፤ ሳይዘፈዝፉ፣ ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ። ውሃው ደግሞ ጠዋት የተቀዳ ይሁን፤ ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ይፋጃል። ዘይቱ ከዓመታት በኋላ መድረቁ ስለማይቀር ነጭ ነገር ሲያዩ መልሰው እንዲያመጡት ተነገራቸው።

ቀለበቱን ሲረከቡ አረንጓዴውን አላዩም። ሉፑን ጠየቁና ከጥፍሩ ሥር ያለችውን ነጥብ ፈለጉ።

«አለች» አሉና ጣታቸው ላይ አጠለቁት።