መብራት በሌለበት ምሽት፣ አንድ ፓወር ባንክ

እሁድ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ለጥገና እንደሚጠፋ ቀድሞ ተነግሮን ነበር። እኔም ፓወር ባንኬን ቅዳሜ ማታ ሞልቼው አደርኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በር ተንኳኳ። የፊት ለፊታችን እትዬ ናቸው። ስልካቸው 3 ፐርሰንት ላይ ነው። ቤሩት ያለችው ልጃቸው እሁድ እሁድ ማታ ትደውላለች። «ልጄ፣ ትንሽ ብትሰኪልኝ?» አሉኝ። ወዲያው ከላይኛው ፎቅ ፈተና ያለበት ተማሪ መጣ። የእናቴም ስልክ አልቋል።

ፓወር ባንኩ ላይ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተጽፏል። ይህ ግን የውስጡ ባትሪ መጠን ነው። ቮልቴጁ ከ3.7 ወደ 5 ሲወጣ፣ በሙቀትም ሲባክን፣ ስልክ ላይ የሚደርሰው ከ6,000 ብዙም አይዘልም። ሦስቱም ስልኮች ባለ 5,000 ናቸው። አንዱን እንሙላ ብንል ለሁለቱ ብዙም አይተርፍም። አባቴ በሻማው ብርሃን ወረቀት ላይ አሰላና «ለእያንዳንዱ 40 ፐርሰንት» አለ። ደግሞም ባትሪ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይሞላል፤ የሚያዘግመው ሊሞላ ሲል ነው።

የእትዬን አስቀደምን። እየተሰካ እንዳይነካ፣ ስክሪኑም እንዳይበራ ተስማማን። እናቴ ከሰል አያይዛ ቡና ቆላች። ተማሪው ደብተሩን ሻማው ሥር ዘረጋ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጮኸ። እትዬ በሁለት እጃቸው ያዙት። «እናቴ፣ ደህና ነሽ?» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ዝም አልን። የከሰሉ ፍም ብቻ ነበር የሚሰማው።

መብራቱ መጥቶ ልጆቹ ግቢው ውስጥ «መጣ!» ብለው ሲጮሁ፣ እሳቸው ገና እያወሩ ነበር።