ማሽኑ የእኔ፣ ጉዳቱ የገዢው፦ በዱቤ ስሸጥ የምጽፈው ውል

የዳቦ ቤት ማሽን እሸጣለሁ። ብዙው ገዢ ሙሉውን ዋጋ በአንዴ አይከፍልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1186 ደግሞ የተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤትነት የሚተላለፈው ገዢው ዕቃውን ሲረከብ ነው። ተከፈለም አልተከፈለም። ስለዚህ ውሌ ላይ «ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለቤትነቱ የሻጭ ነው» ብዬ አስገባለሁ።

ሐዋሳ ላለ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያ ስሸጥ ገዢው ይህን አንብቦ፣ «ወንድሜ፣ ማሽኑ ያንተ ከሆነ ጉዳቱም ያንተ ነው» አለኝ። አባባሉ ለጆሮ ልክ ይመስላል። ሕጉ ግን ሁለቱን ለያይቷቸዋል። በቁጥር 2324 መሠረት ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኃላፊነቱ ወደ ገዢ የሚዞረው በርክክብ ነው። ባለቤትነትን ሻጭ ማቆየቱ ይህን አይለውጠውም። ዕቃው በእጁ ያለው፣ የሚጠብቀውም የሚጠቀምበትም ገዢው ስለሆነ ይህ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ርክክቡ የት ነው የሚለው ሆነ። መኪና ላይ ሲጫን ካልን፣ መንገድ ላይ ቢገለበጥ ገዢው ላልደረሰው ማሽን ዋጋ ይከፍላል። ይህ አስፈራው፣ እውነቱንም ነው። በመጨረሻ ርክክቡ ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ማሽኑ ተተክሎ ሊጥ ካቦካ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። የመንገዱን ኢንሹራንስ እኔ ገባሁ። ለርክክቡ አንዲት ወረቀት አዘጋጀሁ፦ የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሁለታችን ፊርማ።

ወረቀቷ ቆይታ ጠቀመች። ክፍያው ሳያልቅ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ሞተሩን አቃጠለው። ገዢው ደወለ። ባለሙያ ላክሁ፤ ምክንያቱ የፋብሪካ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ጣጣው የእኔ ነበር። ከመስመሩ መሆኑ ተረጋገጠ። ሞተሩን እሱ አስጠገነ፣ ወርሃዊ ክፍያውም አልተቋረጠም።

ውል ግን የሚያስረው ሁለታችንን ነው። ገዢው ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ቢሸጥስ? በቁጥር 1161 በቅን ልቦና፣ በዋጋ ገዝቶ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። ሌላ አበዳሪም ማሽኑን ሊይዝበት ይችላል። መፍትሔው ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ባለቤትነትን አቆይቶ መሸጥ እንደ ዋስትና መብት ይታያል። ለሦስተኛ ወገን እንዲጸና በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ መግባት አለበት። እኔ ማሽኑ ከመጋዘን ሳይወጣ አስመዘግባለሁ፤ የገዢውን ስምና መለያ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክራለሁ። ፈላጊ መዝገቡን የሚያየው በዚያ ነውና፣ ስሙ ከተዛባ ምዝገባው ላይገኝ ይችላል።

የሐዋሳው ገዢ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳስገባ ምዝገባውን አሰረዝሁለት። ሌላ ብድር ሲጠይቅ ማሽኑ ነጻ ሆኖ እንዲታይለት፣ ይህም ውሉ ላይ በእኔ ግዴታነት ተጽፏል።