ላፕቶፕ ከመግዛቴ በፊት ሥራዬን ለካሁት

የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ንድፌን በሶሊድወርክስ እሠራለሁ፤ የነደፍኩት ክፍል የታሰበለትን ጭነት መሸከሙን ደግሞ በአንሲስ እፈትሻለሁ። ላፕቶፕ ለመግዛት ስነሳ አስቀድሜ የሄድኩት ወደ ትምህርት ክፍላችን የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ነበር። የራሴን ፋይሎች እዚያ ከፍቼ፣ እያንዳንዱ ሥራ የማሽኑን የትኛውን አካል እንደሚያስጨንቅ በዊንዶውስ Task Manager ተከታተልኩ።

በማርሽ ሳጥን ንድፌ ጀመርኩ። አንድ ልኬት ቀይሬ ንድፉ እስኪታደስ ስጠብቅ የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከ6 በመቶ ብዙም አላለፈም። ላየው ሰው ማሽኑ ሥራ የፈታ ይመስላል። ሆኖም ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ 16 የሥራ መስመር የሚያስኬድ ነው፤ 100 ለ16 ሲካፈል 6 ነጥብ 25 ይመጣል። አንዱ መስመር እስከ ጥጉ ተወጥሮ የቀሩት 15 ሥራ ፈትተዋል ማለት ነው። በንድፉ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ ከፊቱ ባለው ላይ ስለሚቆም ሥራው በአብዛኛው ለብዙ ኮሮች አይከፋፈልም። ለንድፍ የኮር ብዛት መክፈል ያን ያህል እንደማይጠቅም፣ ዋናው የአንዱ ኮር ፍጥነት እንደሆነ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

የራም ጉዳይ በስሌት የሚፈታ ሆኖ አገኘሁት። አንሲስ ክፍሉን በጥቃቅን ቁራጮች ይከፋፍልና ኖድ በሚባሉ ነጥቦች ላይ ያሰላል። የምጠቀምበት የተማሪ እትም ለጥንካሬ ስሌት ከ128,000 ኖድ በላይ አይፈቅድም። እያንዳንዱ ኖድ በሦስት አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀስ፣ የሚፈለጉት እሴቶች ቢበዛ 384,000 ናቸው። ቀጥተኛው የስሌት ዘዴ ሙሉ በሙሉ በራም ላይ እንዲሠራ ለአንድ ሚሊዮን እሴት ወደ 10 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የእኔ ትልቁ ሥራ 4 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል። ዊንዶውስ፣ ሶሊድወርክስና የኢንተርኔት ማሰሻው አብረው ሲከፈቱ 7 ጊጋባይት ያህል ሲይዙ አይቻለሁ። ድምሩ 11 ነው፤ 8 ጊጋባይት አይበቃም፣ 16 ግን ይበቃል። ሙሉ ፈቃድ ይዞ ከባድ ምርምር የሚሠራ ሰው 32 ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል።

ራም ሲያንስ ምልክቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ስሌቱን ከፊል ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ ያን ጊዜ የዲስኩ አጠቃቀም ወደ 100 በመቶ ሲወጣ የፕሮሰሰሩ ይወርዳል፣ ስሌቱም ይንቀራፈፋል።

ከመጠኑ ጋር አቀማመጡም መታየት አለበት። ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከተሰኩበት ይልቅ መረጃ የሚያመላልስበት መንገድ ጠባብ ነው፤ እንዲህ ያለው ስሌት ደግሞ በዚያ መንገድ ስፋት ላይ ይመካል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ኋላ መጨመር አይቻልም። ስንት ራም እንደተሰካ በሻጩ ቃል ላይ አልተውኩትም፤ በየማሽኑ Task Manager ውስጥ Slots used የሚለውን መስመር ራሴ አነበብኩ።

ለግራፊክስ ካርድ ከሚገባው በላይ የሚከፍሉ ተማሪዎች ያሳዝኑኛል። ካርዱ ንድፉን ስናዟዙር እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል፤ ለዚያ መካከለኛ ካርድ ይበቃል። የጥንካሬ ስሌት ግን ከፍተኛ የአሃዝ ትክክለኛነት ይፈልጋል፤ የጨዋታ ካርዶች በዚህ ዓይነት ስሌት ከመደበኛ ፍጥነታቸው በጣም ዝቅ ይላሉ።

ወሳኙ ፈተና ግን ሙቀት ነበር። በመጨረሻ ሁለት ማሽኖች ቀሩኝ፦ አንዱ ስስና ቀላል፣ ፕሮሰሰሩ ስያሜው በU የሚያልቅ፤ ሌላው ወፍራም፣ በH የሚያልቅ። የመጀመሪያው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በ15 ዋት አካባቢ፣ ሁለተኛው በ45 ዋት አካባቢ ዘላቂ ኃይል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ግን ይቀራረባል፣ ምክንያቱም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚደረስበት ነው። ሁለቱንም ከኃይል መሙያቸው ጋር አገናኝቼ ሁሉንም ኮሮች የሚያሠራ ስሌት ለ20 ደቂቃ አስኬድኩባቸው። ሁለቱም ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ጀመሩ። ስሱ ብዙም ሳይቆይ ወደ 2 ጊጋኸርዝ ገደማ ወረደና እዚያው ቀረ፤ ወፍራሙ ከ3 በላይ እንደያዘ ጨረሰ።

ወፍራሙን ገዛሁ፤ ባለ 16 ጊጋባይት፣ ሁለት ራም የተሰካበት፣ መካከለኛ ካርድ ያለው ነው። ክብደቱ ትከሻ ይጎትታል፣ በባትሪ ብቻ ሲሠራም ፍጥነቱን በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ንድፍ በክፍል ውስጥ፣ ረጅም ስሌት ደግሞ ሶኬት ባለበት ቦታ እሠራለሁ። ማክ ኮምፒውተር የሚያስቡ ተማሪዎች ሁለቱም ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ የተሠሩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ አርም ፕሮሰሰር ያላቸውን የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ቢሆን ፕሮግራሙ እንደሚሠራባቸው በዓይን ሳያዩ አይግዙ።