ደሴ ለብሶ ኮምቦልቻ ለመዋል

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ቀንሷል። ጠዋት ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ይኖራል። እኩለ ቀን ላይ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሹራብ አይታሰብም። ሁለቱንም አየር በአንድ አለባበስ መቻል ግድ ነው።

ቁምሳጥኔ ሙሉ ነው። ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ መርጬ የገዛሁት፣ ከእህቴ የወረስኩት፣ ለዒድ የተሰፋው፣ ሁሉም ተጠቅጥቆ በሩ ሲከፈት ይዘረገፋል። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ምን እንደምለብስ ጠፍቶኝ ፊቱ ቆሜ ታክሲ ያመልጠኝ ነበር። ልብስ አጥቼ አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው የተገዛ ስለሆነ ከምን ጋር እንደሚሄድ በየቀኑ እንደ አዲስ ማሰብ ነበረብኝ።

ከዚህ ያወጣኝ የአለባበስ ቀመር ነው። ቀመሩን ከየትም አላመጣሁትም። ለጥቂት ሳምንታት ማታ ከሥራ ስመለስ ልብሱ ቀኑን ሙሉ ተመችቶኝ ከዋለ፣ ሳላወልቅ ፎቶ አነሳሁት። ሲጎትተኝ፣ ሲሞቀኝ ወይም ሳስተካክለው የዋልኩትን ተውኩት። በኋላ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳይ ልብሱ ይለያይ እንጂ ቅርጹ አንድ ነው። ረጅም ሸሚዝ፣ ጠበብ ያለ ሱሪ፣ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ፣ ከአንዳቸው ቀለም የወሰደ ሂጃብ፣ ሽፍን ጫማ። አንደኛው ቀመሬ ይኸው ሆነ። ቀመር ስል የልብሶቹን ዝርዝር ማለቴ አይደለም፤ ቦታዎቹን ነው። በሸሚዙ ቦታ ሌላ ረጅም ሸሚዝ ሊገባ ይችላል። ቅርጹ ግን አይነካም።

ቅርጹ የሚሠራበት ምክንያት አለው። ላዩ ረጅምና ሰፊ ከሆነ ታቹ ጠበብ ማለት አለበት። ሁለቱም ከሰፉ ሰውነት ይጠፋል። ሹራቡ ደግሞ ወይ ከሸሚዙ ቢያንስ አንድ ስንዝር ማጠር፣ ወይ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሸሚዙ ከሹራቡ ሥር ሁለት ጣት ያህል ብቻ ብቅ ካለ፣ ልብሱ አዲስ ቢሆን እንኳ የተዝረከረከ ይመስላል።

ሁለተኛው ቀመሬ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሰፊ ረጅም ጉርድ፣ ወገብ ላይ የሚያልቅ ሹራብ፣ ከውስጥ ስስ ባለ ረጅም እጅጌ። ሦስተኛው ቀሚስ በኮት ነው። ለሥራ ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም።

የኛ መንገድ ያስተማረኝ ዋናው ነገር እያንዳንዱን ጥምረት ሁለት ጊዜ ፎቶ ማንሳት ነው። አንዱ ከነመደረቢያው፣ ለደሴ። ሌላው መደረቢያው ወልቆ፣ ለኮምቦልቻ። ሁለቱም ካላማሩ ጥምረቱ ለሥራ ቀን አይሆንም።

ጥቁር አረንጓዴ ጉርድ አለኝ። ከክሬም ሹራብ ጋር የመጀመሪያው ፎቶ ላይ በጣም አማረ። ሹራቡን ሳወልቅ ግን ውስጡ ያለው ነጭ ቲሸርት እጅጌው አጭር ነው፤ መስኮቱ ጋ ስቆም ደግሞ ያሳያል። በእሱ ፋንታ ክሬም የጥጥ ሸሚዝ አደረግኩ። ሹራቡ ሲወልቅ ጥሩ ሆነ፣ ሲለበስ ግን ሰፊው እጅጌ ውስጥ ተጠቅልሎ ክርኔ ላይ አበጠ። መስታወት ፊት አይታወቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሰው መስታወት ሲያይ እጁን ሳያውቀው ያስተካክላል። ፎቶው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ታየ። በመጨረሻ እጅጌው ክንድ ላይ የሚጣበቅ ስስ ቡናማ ልብስ ገባና ሁለቱም ፎቶ አለፉ። ቡናማ ሂጃብ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ በየተራ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ፣ አንዴ ሹራቡን፣ አንዴ ሂጃቡን፣ አንዴ የውስጡን፣ ከዚያው ጉርድ ሌሎች ጥምረቶች አወጣሁ። ሁለት ነገር በአንዴ ከተቀየረ የቱ እንዳበላሸው አይታወቅም።

ስለ አነሳሱ። ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግቶ ማንሳት ቀለሙን ያሳያል እንጂ ርዝመቱንና አቀማመጡን አያሳይም። ተለብሶ ነው መነሳት ያለበት፣ ጫማውም ጭምር። ስልኩን ወገብ ከፍታ ላይ አስደግፌ ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግር ያሳጥራል። የማነሳው በቀን ብርሃን፣ መስኮት ፊት ለፊት ቆሜ ነው። በአምፖል ብርሃን ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አይለዩም፤ ክሬሙም ቢጫ ይመስላል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ነው ጉዱ የሚታየው።

ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ "ሥራ" በሚል አልበም አስቀምጣለሁ። እሑድ ማታ የሳምንቱን እመርጥና እያንዳንዱ መታጠቡንና መተኮሱን አያለሁ። ከዚያ ከነሂጃቡ አንድ ማንጠልጠያ ላይ እሰቅለዋለሁ። ይህ ካልተደረገ ፎቶው ብቻውን አያድንም። ጠዋት የመረጡት ጥምረት አንዱ ክፍል ቅርጫት ውስጥ ቆሽሾ ይገኛል።

እዚህ ላይ ደሴ የራሷ ችግር አላት። በክረምት ወፍራም ሹራብ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም። አልበሙን ሳገላብጥ ያ ክሬም ሹራብ ከግማሽ በላይ ፎቶ ላይ አለ። እሱ የታጠበ ቀን ከግማሽ በላይ ጥምረቶቼ ይቆማሉ ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ግዢዬ አዲስ ዓይነት ልብስ ሳይሆን ሌላ አጭር ሹራብ ሆነ፣ ቀለሙ ለክሬም የቀረበ። ምን እንደሚጎድል ከቁምሳጥን ይልቅ አልበም በደንብ ይናገራል።

የትኛውም ቀመር ውስጥ ያልገቡ ልብሶች ነበሩ። እያንዳንዱን በየቦታው ሞከርኩት። ካለኝ ልብስ ከሁለቱ ጋር እንኳ ያልሄደውን ለብቻው በሻንጣ አደረግኩት። እናቴ ሻንጣውን አይታ "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለማን ነው ያስቀመጥሽው?" አለችኝ። ግማሹ ለታናሽ እህቴ ሄደ። ለሠርግና ለዒድ የሚሆነው ግን ቀመር አይመለከተውም፣ ቦታው ሌላ ነው። ለለቅሶ ደግሞ አንድ ጥቁር ጥምረት ሁልጊዜ ተተኩሶ እንዲሰቀል አድርጌአለሁ፤ ድንገት ስለሚመጣ ያን ቀን መምረጥ አይቻልም።

አልበሙም ይሞላል። ከ20 ጥምረት ካለፈ እሱኑ እያገላበጡ መዋል ይመጣል፣ ያው ቁምሳጥን ፊት መቆም ነው። ስለዚህ አዲስ ሲገባ አሮጌ ይወጣል። ሰው ሲከሳ ወይም ሲወፍር፣ ጥቁር ሱሪ ታጥቦ ታጥቦ ሲገረጣ ፎቶው ውሸት ይሆናል። እኔ ክረምት ሲገባና ሲወጣ እያንዳንዱን መልሼ ለብሼ አረጋግጣለሁ፤ የማይሆነውን እዚያው አጠፋለሁ። አሁን ያልተፈታልኝ የክረምት ጫማ ነው። የደሴን ጭቃ የሚችለው ሁሉ ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሞቃል። ስለዚህ ለጊዜው ቢሮ ጠረጴዛዬ ሥር ቀለል ያለ ጫማ አስቀምጫለሁ፣ ፎቶውንም የማነሳው በእሱ ነው።