ጠዋት ጠፍጣፋ፣ ማታ የተነፋ ሆድ፦ ሁለተኛውን የጨጓራ መድኃኒት ከመዋጤ በፊት ሊነገረኝ የሚገባው

ደሴ ውስጥ «ሆዴ ይነፋል» ብሎ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ጨጓራ ነው» የሚል ነው፤ እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው። የእኔ ችግር ግን ሰዓት የሚጠብቅ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሆዴ ጠፍጣፋ ነው፤ ከምሳ በኋላ መወጠር ይጀምራል፤ ማታ ከቢሮ ስመለስ ደግሞ ጎረቤቶች «ስንት ወርሽ ነው?» እስኪሉኝ ድረስ ይነፋል። ሰዓት መጠበቁ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ቢሆንም የጠየቀኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰደና ለጨጓራው ባክቴሪያ ለኤች ፓይሎሪ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን እና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። አፌ ብረት ብረት እያለኝ ጨረስኩት፤ ሆዴ ግን እንደ ልማዱ በየማታው ተነፋ። ተመልሼ ስሄድ ያንኑ የደም ምርመራ ደገሙልኝ፤ ውጤቱ አሁንም ፖዘቲቭ ስለነበር «ባክቴሪያው አልጠፋም» ተብዬ ሌላ ዙር መድኃኒት ተጻፈልኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መዳንን ለማረጋገጥ አያገለግልም፤ ይህን ያስረዳኝ ግን ሁለተኛውን ዙር ከጨረስኩ በኋላ ያገኘሁት ሌላ ሐኪም ነው። ትክክለኛው የባክቴሪያውን ምልክት ራሱን ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ እሱም ኦሜፕራዞል ካቆሙ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የሚታመነው። ጠብቄ አሠራሁት፤ ኔጌቲቭ ሆነ። መነፋቱ ግን ስላልቀረ ጥፋቱ የባክቴሪያው እንዳልነበር ግልጽ ሆነ። የደም ምርመራ ብቻ ይዞ ሁለተኛ ዙር የሚያዝልዎትን ሰው «የሰገራው ውጤት የት አለ?» ብለው ይጠይቁት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ያ ሐኪም ምን እንደምበላና በስንት ሰዓት እንደምበላ ጠየቀኝ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ የሰው ትንሹ አንጀት ሊፈጫቸው የማይችላቸው፣ ራፊኖዝ እና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሏቸው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ ደግሞ ፍሩክታን የሚባል ሌላ ዓይነት አላቸው። እነዚህ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች አብላልተው ጋዝ ያደርጓቸዋል። ምግብ እዚያ ለመድረስ ሰዓታት ስለሚፈጅበት የቁርሱ ዳቦ ጋዝ ሳይወጣ የምሳው ሽሮ ይደርስበታል፤ እንዲህ እየተደራረበ ይመሻል። ሌሊት አዲስ ምግብ ስለማይገባ ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይመጠጣልም።

ለማረጋገጥ በልብስ ሰፊ ሜትር እምብርቴ ላይ ለካሁ። በጾም ቀን፣ ምሳዬ ሽሮ ሲሆን፣ ጠዋት 82 የነበረው ወገቤ ማታ 89 ሴንቲሜትር ደረሰ። እንጀራውን ሳልቀይር ወጡን ብቻ ሽንኩርት በሌለው የድንችና የካሮት አልጫ ስተካው 84 ላይ ቆመ። ስለዚህ እንጀራን ከመወንጀል በፊት ወጡን መፈተን ይገባል።

ሽሮ የሌለበት ጾም ወሎ ውስጥ የማይታሰብ ስለሆነ ጨርሼ አልተውኩትም፤ ከምሳ ወደ እራት አዛወርኩት፣ መጠኑንም ቀነስኩ። ድፍን ምስርና ሽንብራ ሲሆን ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ ውኃውን ደፍቼ፣ በአዲስ ውኃ እቀቅለዋለሁ፤ ስኳሮቹ በከፊል ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። የሽሮ ዱቄት ግን ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚደፋ ውኃ የለውም።

የቀረው የሆድ ድርቀት ነው። ሰገራ ሲቆይ ጋዙም መውጫ ያጣል። ጤና ባለሙያዎች «አሰር ያለው ምግብ አብዢ» ይላሉ፤ ፍሩሽካ ሞክሬ ሆዴ ይበልጥ ተነፋ። እኔን የጠቀመኝ ከቁርስ በኋላ፣ አንጀት በተፈጥሮው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት፣ ሳልጣደፍ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ነው፤ ለዚህም ከቤት የምወጣበትን ሰዓት ቀየርኩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሆዱ ጠዋት በእርግጥ ለሚጎድል ሰው ነው። ጠዋትም የማይጎድል፣ ከሳምንት ሳምንት የሚጨምር እብጠት፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ወይም ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ በተለይም ዕድሜዋ ከ50 ዓመት ያለፈ ሴት ከሆነች፣ ሽሮ እየቀነሱ መጠበቅ አይገባም፤ ሆስፒታል ሄዶ መመርመር፣ እንደ ምልክቱም አልትራሳውንድ መነሳት ያስፈልጋል።